የዓርብ ምሳ ስንት ሰዓት ይቅረብ?

ዓርብ ረፋድ፣ 4 ሰዓት ላይ። አዲስ አበባ ውስጥ ካሉ ሆቴሎች በአንዱ የአዳራሹ በር ተከፈተና ተሰብሳቢው ወደ ኮሪደሩ ጎረፈ። ጠረጴዛው ተሰናድቷል፤ የሥጋ ሳምቡሳ፣ ቅቤ የጠገበ ኬክ፣ ትኩስ ወተት፣ ቡና፣ ሻይ። ጥቂቶች ተሽቀዳድመው ሰልፍ ያዙ። ሌላው ግን ወደ ጠረጴዛው ዞር ብሎም አላየ፤ ስልኩን እየነካካ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። 6 ሰዓት ከሩብ ሲል ነገሩ ተገለበጠ። የጾመው ሰው ወንበሩ ላይ ይቁነጠነጣል፤ ለጁምዓ ሶላት የሚወጣው ቦርሳውን ሸክፎ በሩን በሩን ያያል፤ መድረክ ላይ ያለው ተናጋሪ ግን ገና ሦስተኛው ነጥብ ላይ ነው። ከሶላት የተመለሱት 7 ሰዓት ተኩል ላይ ምግብ ቤቱ ሲደርሱ የጠበቃቸው የሩዝ ፍርፋሪና ጠርዙ የደረቀ እንጀራ ነበር።

እንዲህ ያለ ቀን ሲበላሽ ወቀሳው የሚወርደው ወጥ ቤቱ ላይ ነው። ወጥ ቤቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የታዘዘውን በታዘዘበት ሰዓት አቅርቧል። የሳተው ከሳምንታት በፊት ቢሮው ተቀምጦ መርሐ ግብሩን የጻፈው ሰው ነው። የንግግሮቹን ሰዓት በጥንቃቄ ደለደለ፤ ሻይና ምሳውን ግን በተረፈው ቦታ ሰካ። ኢትዮጵያ ውስጥ፣ በተለይ ረቡዕና ዓርብ፣ ይህ አያዋጣም። እዚህ አገር ሰው ምን እንደሚበላ ብቻ ሳይሆን ስንት ሰዓት ላይ እንደሚበላም በእምነቱ የተወሰነ ነው፤ ሁለቱ ደግሞ ተነጣጥለው አይታቀዱም።

ዓርብን ለምሳሌ እንውሰድ፤ ከሳምንቱ ቀናት ሁሉ አስቸጋሪው እሱ ነውና። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ከትንሣኤ በኋላ ካሉት 50 ቀናት በስተቀር ረቡዕና ዓርብ የጾም ቀን ነው፤ ገና ወይም ጥምቀት ሲውልበት ደግሞ ይቀራል። ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል የለም። ይህን አስተናጋጁም ሼፉም ያውቀዋል። መርሐ ግብር ጻፊው የሚዘነጋው ሰዓቱን ነው። ከሚጾሙት ብዙዎቹ እስከ 6 ሰዓት እህል ውሃ አይቀምሱም፤ ጠበቅ የሚያደርጉት ደግሞ እስከ 9 ሰዓት ይቆያሉ። ለነዚህ ሰዎች የ4 ሰዓቱ ቡና የጾም ቡና ሆኖ ስለቀረበ የሚጠጣ አይደለም። ወተቱን ማንሳት መፍትሔ የሚመስለው አዘጋጅ ጥያቄውን በግማሽ ነው የተረዳው።

በዚያው ዓርብ ሙስሊሙ ተሳታፊ የጁምዓ ሶላት አለበት። የሶላቱ ሰዓት የሚገባው ፀሐይ ከአናት ስትዘነበል ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ፀሐይ አናት ላይ የምትደርሰው ልክ 6 ሰዓት ላይ አይደለም። የአገሪቱ ሰዓት የተቀመረው ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ ርቆ በሚያልፍ መስመር ስለሆነ የከተማዋ እኩለ ቀን ይዘገያል፤ በጥቅምት መጨረሻ 6 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ገደማ፣ በየካቲት መጀመሪያ ደግሞ 6 ሰዓት ከ39 ደቂቃ ገደማ ይሆናል። የግማሽ ሰዓት ልዩነት ነው። ኅዳር ላይ በደንብ የሠራ መርሐ ግብር የካቲት ላይ ተገልብጦ ሲወጣ የሚፋረሰው በዚህ ነው። ኹጥባው፣ ሶላቱ፣ መንገዱና ጫማ ማውለቁ ሲደመር የሚሰግደው ሰው ከስብሰባው አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ይርቃል፤ መስጊዱ ሩቅ ከሆነ ከዚያም በላይ።

መንግሥት ይህን ካወቀ ቆይቷል። በአዲስ አበባ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከሰኞ እስከ ሐሙስ ለምሳ የሚዘጉት ከ6:30 እስከ 7:30 ሲሆን ዓርብ ግን ከ5:30 እስከ 7:30 ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ። ለሌላው ቀን የተሠራ መርሐ ግብር ዓርብ ላይ የሚለጥፍ አዘጋጅ የራሱ መሥሪያ ቤት በየሳምንቱ የሚሠራበትን ሰዓት እንኳ ረስቷል ማለት ነው።

አሁን ወረቀትና እርሳስ ይዞ አንድ ቀን ማቀድ ይቻላል። የ240 ሰው የአንድ ቀን ጉባኤ ነው እንበል፤ ዓርብ፣ ከዐቢይ ጾም ውጪ። 120ው ጿሚ፣ 70ው ሙስሊም፣ የቀሩት 50ዎቹ ፕሮቴስታንቶችና የውጭ አገር እንግዶች ናቸው። ከሙስሊሞቹ 50 ያህሉ ለሶላት ይወጣሉ።

መጀመሪያ የሚቆረጠው የምሳው ሰዓት ነው፤ ሌላው ሁሉ ከእሱ ወደ ኋላና ወደ ፊት ይቆጠራል። እንደ መሥሪያ ቤቶቹ 5:30 ላይ ቢከፈት ጿሚው ቆሞ ሌላውን ሲበላ ሊያይ ነው። 6:30 ላይ ቢከፈት ሰጋጁ ሳይበላ ከመውጣቱም በላይ ምናልባት ስብሰባውን አቋርጦ ይወጣል። የሚያስማማው ጉባኤው 5:50 ላይ እንዲያቆምና ምሳው ልክ 6 ሰዓት እንዲከፈት ማድረግ ነው። ጿሚው ሰዓቱ ደርሶለት ይበላል፤ ሰጋጁ ምንም ሳያመልጠው ይወጣል፤ 7:15 አካባቢ ሲመለስ ደግሞ ሁለተኛ ገበታ ይጠብቀዋል። ከሰዓት በኋላው ስብሰባ 7:50 ይጀመራል። ሁለት ሰዓት ሙሉ ለምሳ ሄደ ብሎ የሚያዝን ይኖራል። ያ ሁለት ሰዓት ግን ባይፈቀድም ይሄዳል፤ ልዩነቱ አዳራሹ ግማሽ ባዶ ሆኖ ንግግሩ መቀጠሉ ብቻ ነው።

ቁልፉ ሁለተኛው ገበታ ነው፤ ከሁሉ በፊት የሚበላሸውም እሱ ነው። 50 ሰው ዘግይቶ እንደሚበላ ለወጥ ቤቱ ካልተነገረ ሼፉ 240 ሰው የሚበላውን በአንድ ጊዜ ያወጣል፤ ቀድሞ የገባው ደግሞ ያየውን ያነሳል። መደረግ ያለበት ለ50ው ሰው የሚሆነውን ጨርሶ ወደ ምግብ አዳራሹ አለማውጣት ነው። ወጡ ወጥ ቤት በትኩሱ ይቆያል፤ እንጀራው ተሸፍኖ ይቀመጣል፤ 7:10 ላይ በንጹሕ ሳህን ይወጣል። ከመጀመሪያው ገበታ የተራረፈውን አሙቆ መመለስ ሁለተኛ ገበታ አይባልም። ይህ የክብር ጉዳይ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር የበሰለ ምግብ እስኪቀርብ ድረስ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይቆይ፣ ያለ ማሞቂያ ደግሞ ከ2 ሰዓት በላይ አይቀመጥ የሚል ነው። 6 ሰዓት የወጣ የሥጋ ወጥ ከስሩ እሳቱ ጠፍቶበት 7:30 ድረስ ከቆየ፣ 5:30 ላይ ከድስት የወጣበት ጊዜ ሲደመር ሁለት ሰዓቱ ሞልቷል። ትንሽ የምግብ ቴርሞሜትር ሰርክቶ ማየት ክርክሩን ሁሉ ይቆርጠዋል።

ቀጥሎ የሰልፉ ሒሳብ ነው። ቡፌ ላይ ቆሞ ለአምስት ደቂቃ የቆጠረ ሰው እንደሚያየው፣ ሰልፉ ሳይቆራረጥ ከሄደ ከጠረጴዛው በአንድ ወገን አንድ ሰው ሳህኑን ሞልቶ የሚወጣው በየ15 ሰከንዱ ገደማ ነው። ይህ በደቂቃ 4 ሰው ነው። ጠረጴዛው ግድግዳ ተጠግቶ በአንድ ወገን ብቻ የሚቀዳ ከሆነ በመጀመሪያው ገበታ ለሚሰለፉት 190 ሰዎች 48 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ከግድግዳው አርቆ በሁለቱም ወገን ጭልፋ ማስቀመጥ ያንኑ ጊዜ በግማሽ ያወርደዋል፤ 24 ደቂቃ። ሁለት እንዲህ ያሉ ጠረጴዛዎች ካሉ 12 ደቂቃ ይበቃል። ጠረጴዛን ከግድግዳ ማራቅ ምንም አያስወጣም፤ ሆኖም በየሆቴሉ ጠረጴዛው ግድግዳ ተጠግቶ ይገኛል፤ ምክንያቱም ለዓይን ያምራል።

የጾሙና የፍስኩ ጠረጴዛ መለያየት ያለበት ለፍጥነት ብቻ አይደለም። አንድ ላይ ሲሆኑ ጭልፋው ይዘዋወራል። ከቀይ ወጡ የወጣ ጭልፋ ሽሮው ውስጥ ሲገባ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ከዚያ በኋላ ያ ሽሮ ቅቤ የነካው ነው፤ ለጿሚው ፍስክ ሆኗል። ስለዚህ የጾሙ ጠረጴዛ ለበሩ ቀርቦ፣ ፍስኩ ደግሞ ጥቂት ሜትር ርቆ መቆም አለበት። ቦታ ጠቦ አንድ መስመር ብቻ ከሆነ የጾሙ መጀመሪያ፣ ፍስኩ መጨረሻ ይደረደራል እንጂ አይቀላቀልም።

ብዛቱ ላይ የሚሠራ አንድ የታወቀ ስህተት አለ። አዘጋጁ 120 ጿሚ ቆጥሮ የ120 ሰው የጾም ምግብ ያዝዛል። ዓርብ ቀን ግን የጾሙን የማይወድ ማን አለ? የሚፈስከውም ጎመኑን፣ ምስሩን፣ ሱፍ ፍትፍቱን ከሥጋው ጎን ጨልፎ ያልፋል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚያልቀው ሁልጊዜ የጾሙ ነው፤ ምርጫ የሌለው ሰው ባዶ ሳህን ይዞ ይቀራል፤ ሥጋው ግን ይተርፋል። ትክክለኛው ትእዛዝ የጾሙን ለ240ውም ሰው፣ ሥጋውን ለ120 ማድረግ ነው። ወጪው የሚፈራውን ያህል አይንርም፤ ከበጀቱ የሚከብደው ሥጋው ነውና።

የሥጋው ነገር ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። በኢትዮጵያ የሙስሊምና የክርስቲያን እርድ ይለያያል፤ አንዱ የሌላውን የማይበላበት ልማድ ሥር የሰደደ ነው። በፍስክ ቀን፣ ሐሙስ ለምሳሌ፣ መፍትሔው ሁለት ዓይነት ሥጋ በሁለት ሳህን፣ በሁለት ጭልፋ፣ በግልጽ ተጽፎበት ማቅረብ ነው። ዓርብ ግን፣ የሚገርመው፣ ይህኛው ችግር ይቀላል። ኦርቶዶክሱ ስለሚጾም ሥጋ የሚበላው በአብዛኛው ሙስሊሙና የውጭ እንግዳው ነው፤ ሥጋው ሁሉ የሙስሊም እርድ ቢሆን ሁለት ወጥ መሥራት አያሻም። ፕሮቴስታንቶቹ ግን አስቀድመው ይጠየቁ፤ የሚበላም የማይበላም አለ። የማይበላው የጾሙ ምግብ ከበቂ በላይ ተዘጋጅቶለታል።

ጥያቄው የሚጠየቅበት መንገድም ወሳኝ ነው። የምዝገባ ቅጽ ላይ "የተለየ ምግብ ይፈልጋሉ?" ብሎ አንድ ባዶ መስመር መተው ምንም አያስገኝም፤ ሐበሻው ጾም የተለየ ምግብ ነው ብሎ ስለማያስብ ዝም ብሎ ያልፈዋል። ሦስት አጫጭር ጥያቄዎች ይሻላሉ፤ በዕለቱ ይጾማሉ ወይ፣ ከጾሙ እስከ ስንት ሰዓት፣ ጤናዎን የሚጎዳ ምግብ አለ ወይ። ሁለተኛዋን ጥያቄ የሚጠይቅ ቅጽ እምብዛም አይገኝም፤ መርሐ ግብሩን የምትወስነው ግን እሷ ናት።

ከውጭ ለሚመጣ እንግዳ "የጾም" የሚለው ቃል ወጥመድ ሊሆን ይችላል። ሥጋ የማይበላ እንግዳ የጾም ምግብ ከእንስሳ ነጻ ነው ተብሎ ይነገረውና ደስ ብሎት ይሰለፋል። ብዙ ሆቴሎች ግን በጾም ቡፌ ላይ ዓሣ ያወጣሉ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሚመለከታቸው እንተወውና፣ ዓሣው ለብቻው ተለይቶ ስሙ ሊጻፍበት ይገባል፤ ለእንግዳውም፣ ዓሣ ለማይበላው ጿሚም ሲባል። በተቃራኒው ደግሞ እንቁላልና አይብ የሚበላ ቬጂቴሪያን ከጾሙ ጠረጴዛ ሳይቸገር ስለሚስተናገድ የተለየ ድስት አያሻውም።

ስንዴ የሚያሳምመው ሰው ሲመጣ አስተናጋጁ ወዲያው እንጀራውን ያሳየዋል፤ ጤፍ ነው ይለዋል። ጤፍ በእርግጥ ግሉተን የለበትም። ነገር ግን የሚገዛ እንጀራ ገብስ ወይም ስንዴ ሊቀላቀልበት ይችላል፤ በዓይን ደግሞ አይለይም። እንጀራው የሚመጣው ከውጭ ከሆነ ጋጋሪዋን በቀጥታ መጠየቅ ነው፤ እርግጠኛ መልስ ካልተገኘ ሩዝና የተቀቀለ ድንች ለብቻው በተሸፈነ ሳህን ይዘጋጅለት። የለውዝና የሰሊጥ አለርጂ ያለበት ሰው ደግሞ ከምሳው ይልቅ ሻይ ላይ ይጠንቀቅ፤ ቆሎው ውስጥ ለውዝ አይጠፋም።

ወደ ጠዋቱ ሻይ እንመለስ። ከ240ው ሰው ጿሚዎቹ በአብዛኛው አይቀምሱም፤ ሰዓት የማይጠብቁት ተጨምረው 150 ሰው ይጠጣል እንበል። የ10 ሊትር ማፍያ በተለመደው የሻይ ስኒ ከ65 ብዙም አያልፍም፤ ሦስት ማፍያ ይበቃል። ሰልፉን የሚያረዝመው ግን የማፍያው ቁጥር አይደለም። ስኳር ነው። ሰው ቀድቶ እዚያው ቆሞ ስኳር ይጨምራል፣ ያማስላል፣ ወተት ይፈልጋል፣ ከኋላው ካለው ወዳጁ ጋር ሰላምታ ይለዋወጣል፤ 25 ሰከንድ ሄደ። በሦስት ቧንቧ 50 ሃምሳ ሰው ቢሰለፍ 21 ደቂቃ ነው። ስኳሩ፣ ማማሰያውና ወተቱ አራት እርምጃ ርቆ ሌላ ጠረጴዛ ላይ ሲሆን ግን ማፍያው ጋ ያለው ሰው ቀድቶ ዞር ይላል፤ 12 ሰከንድ፤ በድምሩ 10 ደቂቃ። የግማሽ ሰዓት ዕረፍት ከአዳራሽ መውጫና መመለሻው፣ ከመጸዳጃ ቤቱ ሰልፍ ጋር ተቀናንሶ ለመጠጫ የሚተርፈው 20 ደቂቃ ያህል ነው። ስኳሩን ያላራቀ አዘጋጅ ዕረፍቱን በሙሉ ለሰልፍ ሰጥቷል።

የሚቀመሰው በጾም ቀን ቀላል ነው፤ የምስር ሳምቡሳ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ፈንዲሻ፣ ፍራፍሬ ማንንም አያስከፋም። ለማይቀምሱት ደግሞ ከጠረጴዛው ራቅ ብሎ ወንበር ያለበት ጥግ ይኑር። ጿሚን የቡና ሽታ መሀል አቁሞ ማወያየት ግፍ ነው።

ጀበና ቡና የሌለበት ጉባኤ ደግሞ ለብዙ ሰው ጉባኤ አይመስልም፤ እንግዶችም ፎቶ የሚያነሱት እሱን ነው። ይሁን እንጂ ቦታው 4 ሰዓት ላይ አይደለም። ቆልቶ፣ ወቅጦ፣ አፍልቶና አስክኖ ለመቅዳት ሦስት ሩብ ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ አንድ መካከለኛ ጀበና ደግሞ 10 ሲኒ ገደማ ነው። የግማሽ ሰዓት ዕረፍት ውስጥ ረከቦት ዘርግቶ 150 ሰው ማጠጣት አይቻልም፤ የመጀመሪያዎቹ 30 ሰዎች አቦሉን ይጠጣሉ፣ ሌላው ያያል። ጀበናው የሚያምርበት ረጅሙ የዓርብ ምሳ ነው። ቡናው ጠዋት ተቆልቶና ተፈጭቶ፣ ጥቂቱ ብቻ ለሽታው በሰው ፊት ይቆላ። አራት ጀበና እየተፈራረቀ ቢወጣ፣ እያንዳንዱም በየሩብ ሰዓቱ ቢደርስ፣ በአንድ ሰዓት 160 ሲኒ ይሆናል። ከ6:30 እስከ 7:40 ከተቀዳ የበላውም ይጠጣል፣ ከሶላት የተመለሰውም ይደርስበታል። ዕጣኑና የከሰሉ ጭስ የአዳራሹን የእሳት ማስጠንቀቂያ እንዳያስጮህ ግን በረንዳ ወይም ደጅ አካባቢ ይሁን።

የከሰዓቱ ሻይ ከ9 ሰዓት በፊት አይሁን። 8:45 ላይ የሚደረግ ዕረፍት እስከ 9 የሚጾመውን ሰው በሩብ ሰዓት ያመልጠዋል፤ ከዚያ እስከ ማታ ድረስ የሚበላበት ሰዓት የለውም። 9:10 ላይ ሲሆን ግን ያ ሰው የቀኑን የመጀመሪያ ጉርሻ የሚያገኝበት ሰዓት ይሆናል። ስለዚህ ለእሱ ብስኩት አይበቃም፤ ከምሳው ተቀንሶ በትኩሱ የቆየ በያይነቱ በስሙ ሊጠብቀው ይገባል። ስንት ሰው እንደሆነ ከቅጹ ሁለተኛ ጥያቄ ይታወቃል።

እንዲህ የታቀደ ቀን የሚፈርሰው በአንድ ነገር ነው፤ የክብር እንግዳው ሲዘገዩ። መክፈቻው 40 ደቂቃ ይገፋል፤ መድረክ መሪውም ጊዜውን ከሻይ ይቆርጣል፣ ምሳውንም ይገፋል። ከሻዩ ቢቆረጥ ዓርብ ዕለት ብዙ ሰው አይጎዳም፤ 20 ደቂቃ ይበቃል። ምሳው ግን አንዲት ደቂቃ ሊገፋ አይገባም። ጸሎቱ አይጠብቅም፣ የወጥ ቤቱ ሙቀት አይጠብቅም፣ የስኳር ሕመምተኛው ደግሞ ከሁሉ በላይ አይጠብቅም። መርሐ ግብሩ ላይ 6 ሰዓት የሚለውን አምኖ ኢንሱሊኑን የተወጋ ሰው ምግቡ በ45 ደቂቃ ሲዘገይ ስኳሩ ይወርዳል፤ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ንግግሩ ይምታታል። እንዲህ የሆነ ሰው ከታየ ወዲያው ጭማቂ ወይም ስኳር የበዛበት ሻይ ይሰጠው፤ ራሱን ከሳተ ግን አፉ ውስጥ ምንም ሳይጨመር ሐኪም ይጠራለት። ስለዚህ የሚቆረጠው ንግግር ነው። 5:40 ላይ አንድ ሰው ከአዳራሹ ወጥቶ ለወጥ ቤቱ ሃያ ደቂቃ ቀረ ብሎ ያስታውቅ፤ ሌላው ሰው ለተናጋሪው ወረቀት ያሳይ።

የሰዓት አቆጣጠሩንም ማጣራት ነው። የሆቴሉ የትእዛዝ ወረቀት ብዙውን ጊዜ በፈረንጅ ሰዓት ይሞላል፤ አዘጋጁ በሐበሻ ይናገራል። የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫ በሆነችው አዲስ አበባ ደግሞ ተሰብሳቢውም ከሁለቱም ዓይነት ነው። "ምሳ 6:00" የሚለውን ያነበበ እንግዳ ምሽት ሊመስለው ይችላል። ሁለቱንም ሰዓት ጎን ለጎን መጻፍ አንድ መስመር ቀለም ብቻ ነው የሚፈጀው።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ሒሳቡ ሁሉ ይቀየራል። እስከ 9 ሰዓት የሚቆየው ሰው ይበዛል፤ የ6 ሰዓቱ ምሳ ይሳሳል፣ የ9:10ሩ ደግሞ ዋናው ገበታ ይሆናል። ረመዳን ሲደረብበት ሙስሊሙ ፀሐይ እስክትጠልቅ ውሃም አይጠጣም። ይህ ብርቅ አጋጣሚ አይደለም፤ በ2017ም በ2018ም ዓ.ም. ሁለቱ ጾሞች የካቲት ላይ በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው የጀመሩት። በእንዲህ ያለ ሰሞን የሙሉ ቀን ጉባኤ መጥራት በራሱ ስህተት ነው። የግድ ከሆነ በግማሽ ቀን፣ ከ2:30 እስከ 6:30 ያልቅ፤ ለሚፈስከው በሌላ ክፍል ሻይ ይኑር፤ የምሳው ገንዘብ ደግሞ ሰው ቤቱ ወስዶ በሰዓቱ የሚፈታበት እሽግ ምግብ ይግዛበት።

በ2019 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም የሚገባው የካቲት 29 ቀን ሲሆን ረመዳን የሚያበቃው፣ ጨረቃ እንደታየችው፣ በዚያው ሳምንት ነው፤ ፋሲካ ሚያዝያ 24 ይውላል። ለዚያ ሰሞን አዳራሽ ለመከራየት ያሰበ ሰው ቀብድ ከመክፈሉ በፊት የቀን መቁጠሪያውን ይግለጥ።